«10 ሺህ ተከታይ» ግብ አይደለም፦ የሶሻል ሚዲያ ሥራን ከሽያጭ ጋር የማሰር ዝርዝር መመሪያ

«በሦስት ወር ውስጥ 10 ሺህ ተከታይ እናገኛለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር በስንት እቅድ ላይ እንዳየሁት አላስታውስም። እኔም ጽፌዋለሁ። አንድ ጊዜ ሽልማት ያለው ውድድር አዘጋጀን። «ገጹን ተከተሉ፣ ሦስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» አልን። በሳምንት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ፤ ደስታችን ወደር አልነበረውም። ወሩ ሲያልቅ የሽያጭ ደብተሩን ከፈትን። ከአዲሶቹ ተከታዮች የገዛ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዎቹ የመጡት ለሽልማቱ ነበር፤ እኛ የምንሸጠውን ነገር ልብ ያለው አልነበረም።

ሌላው ነገር፣ የተከታይ ቁጥር የእናንተ ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ኢንስታግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን ሲጠርግ ታዋቂ ሰዎች ሳይቀሩ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ተከታይ አጥተዋል። ቁጥሩ ወረደ እንጂ የጠፉት እውነተኛ ደንበኞች አልነበሩም። ከገቢያችሁ ጋር ሳይገናኝ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር ላይ ግብ ማቆም ትርፉ ድካም ነው።

ታዲያ ግቡ በምን ይቆጠር? አንድ ምሳሌ ይዘን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንሂድ። ጠረጴዛና መደርደሪያ በትእዛዝ የሚሠራ አንድ አናጢ አስቡ። ገጽ አለው፤ ፎቶ ይለጥፋል፤ ሰዎች በመልእክት ይጠይቁታል፤ የተስማሙት ቀብድ ከፍለው ያዛሉ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ፤ በቦታቸው የራሳችሁን ተኩ።

ከሥራው አቅም ጀምሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሶሻል ሚዲያ አይደለም። «ተጨማሪ ስንት ሽያጭ መሸከም እችላለሁ?» የሚል ነው። አናጢው ባለፉት ሦስት ወራት 36 ሥራ ሠርቷል። ባሉት ሰዎችና መሣሪያዎች በወር 14፣ በሦስት ወር ደግሞ 42 መሥራት ይችላል። ስለዚህ ቦታ ያለው ለ6 ተጨማሪ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ትእዛዝ ቢጎርፍለት ቀን ያሳልፋል፤ ደንበኛ ያስቀይማል፤ የገጹ አስተያየት መስጫም በቅሬታ ይሞላል።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዘልሎም «ሽያጭን በእጥፍ ማሳደግ» ብሎ ይጽፋል። እጥፉን የሚሠራው ማን እንደሆነ ግን አልተጠየቀም።

ከ36ቱ ውስጥ በሶሻል ሚዲያ አይተውት እንደመጡ የነገሩት 9 ናቸው። የቀሩት በሰው በሰው የመጡና የድሮ ደንበኞች ናቸው። እነሱ ባሉበት ከቀጠሉ፣ 6ቱን ተጨማሪ ከገጹ ለማምጣት የገጹ ሽያጭ ከ9 ወደ 15 ማደግ አለበት። የመጨረሻው ቁጥራችን ይህ ነው፦ 15።

ማንን ነው የምንቆጥረው?

15 ሽያጭን በየሳምንቱ መከታተል ይከብዳል። በአንዱ ሳምንት አንድ፣ በሌላው ዜሮ፣ በሚቀጥለው ሦስት ይሆናል። ከእሱ በፊት የሚመጣና ቶሎ ቶሎ የሚታይ ነገር መቁጠር ያስፈልጋል። የሽያጭ ሰዎች ሊድ ይሉታል። እኔ እዚህ «ጠያቂ» እለዋለሁ፤ ለመግዛት አስቦ፣ እናንተም ተመልሳችሁ ልታገኙት የምትችሉት ሰው ማለቴ ነው።

ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በፎቶው ሥር «ስንት ነው?» ብሎ የጠፋ ሰው ጠያቂ ነው? እሳት ምልክት የላከስ? መልእክት የጻፈውን ሁሉ የምትቆጥሩ ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል እንጂ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት ትርጉሙን በጽሑፍ አስቀምጡት። አናጢው እንዲህ ጻፈ፦

«ጠያቂ የምለው የሚፈልገውን ዕቃ የነገረኝን፣ ልኩን ወይም የሚያስቀምጥበትን ቦታ የጠቀሰን፣ መቼ እንደሚፈልገው የተናገረንና ስልኩን የሰጠኝን ሰው ነው። አራቱ ካልተሟሉ አይቆጠርም።»

አራት ነጥብ በዛ የሚል ይኖራል። በእኔ እይታ ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፦ ሁለት ሰዎች ያንኑ የመልእክት ዝርዝር ለየብቻ ቆጥረው አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ይደርሳሉ ወይ? 20 መልእክት ወስዳችሁ ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ሞክሩት። አንዱ 7፣ ሌላው 12 ካለ ትርጉሙ ገና ልል ነው። ትርጉሙን አንዴ ከቋጫችሁት በኋላ ግን እስከ ዘመቻው መጨረሻ አትንኩት። በመሃል ከለወጣችሁት የፊተኛውንና የኋለኛውን ሳምንት ማወዳደር አትችሉም።

ያለፉትን ሦስት ወራት ቁጠሩ

አሁን ወደ ኋላ ሄዳችሁ የድሮ መልእክቶችን ታነባላችሁ። አሰልቺ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ይወስዳል። ግን ያለዚህ የምታወጡት ግብ ግምት ብቻ ነው። በሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ስጡት፤ የመጣበት ቀን፣ የመጣበት ገጽ፣ ጠያቂ ነው ወይስ አይደለም፣ መልስ ያገኘው መቼ ነው፣ ገዛ ወይስ አልገዛም፣ ከገዛ መቼ ከፈለ።

የአናጢው ሠንጠረዥ ይህን አሳየ። በሦስት ወር 210 ሰው ጽፎለታል። ትርጉሙን ያሟሉት 60 ናቸው። ከ60ው 9 ገዝተዋል፤ ማለትም ከ100 ጠያቂ 15 ይገዛል። ከመጀመሪያው መልእክት እስከ ቀብድ ድረስ ያለውን ጊዜ ሲያይ ደግሞ፣ የቆየው እንኳ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከፍሏል። ይህን ሦስት ሳምንት ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስሉ

ቀላሉ ስሌት ይህ ነው። 15 ሽያጭ ለማግኘት፣ ከ100 ጠያቂ 15 የሚገዛ ከሆነ፣ 100 ጠያቂ ያስፈልጋል። ከ60 ወደ 100! ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያውስ በቀን ሁለት ጊዜ እንለጥፍ» ብሎ ይነሳል።

ትንሽ ቆዩ። የመልስ ሰዓቱን የጻፍነው ለዚህ ነው። ከ60ው ጠያቂዎች 38ቱ በጠየቁበት ቀን መልስ አግኝተዋል፤ ከእነሱ 8 ገዝተዋል። 22ቱ መልስ ያገኙት በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከእነሱ የገዛው 1 ብቻ ነው። ቶሎ የተመለሰላቸው ከ100 ውስጥ 21 ገደማ ሲገዙ፣ የዘገየባቸው ከ100 አምስት እንኳ አይሞሉም።

ይህ ማለት ችግሩ በከፊል የፖስት ማነስ አይደለም ማለት ነው። ሰው ቤት ድረስ መጥቶ አንኳኩቶ የሚከፍትለት አጥቶ ተመልሷል።

ግን ደግሞ ቁጥሩን እንዳለ አትዋጡት። በቀን የሚጽፉ ሰዎች ከመጀመሪያውም ይበልጥ የቆረጡ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚጽፉት ደግሞ እንዲያው የሚያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሆነ ለሁሉም ቶሎ ብንመልስም ከ100 ጠያቂ 21 አይገዛም። ከ22 ሰው የወጣ ቁጥርም ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ቢጨመር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አናጢው መሃል ላይ ቆመ፦ ለሁሉም በዕለቱ ከመለስኩ ከ100 ጠያቂ 18 ይገዛል ብሎ ገመተ። 15 ለ0.18 ሲካፈል 83.3 ነው። 84 ጠያቂ ይበቃዋል ማለት ነው። በ13 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ይሆናል። እስካሁን በሳምንት አምስት እንኳ አይሞላም ነበር።

ከ100 ወደ 84 መውረድ ትንሽ አይደለም። የ16 ጠያቂ ድካም በመልስ ፍጥነት ብቻ ተቀነሰ።

ከየት እንደመጣ በምን ታውቃላችሁ?

ይህ ካልተሠራ ግቡ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሦስት መንገዶች አሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም።

ድረ ገጽ ላይ የትእዛዝ ቅጽ ካላችሁ፣ የምትለጥፉት ሊንክ ላይ ምልክት አድርጉ፦

```
https://example.com/order?utm_source=instagram&utm_medium=social&utm_campaign=desk_spring
```

የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በሚቆጥረው ጎግል አናሊቲክስ ውስጥ `Traffic acquisition` የሚለው ዘገባ ላይ `Session source / medium` የሚለውን ስትመርጡ ጎብኚዎቹ በዚህ ስም ተለይተው ይታያሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። `Instagram` እና `instagram` ብትጽፉ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሆናሉ። ሁልጊዜ በትንሽ ፊደል ጻፉ።

ንግግሩ በዋትስአፕ የሚሄድ ከሆነ ሊንኩ ላይ አጭር ኮድ መጨመር ትችላላችሁ፦

```
https://wa.me/NUMBER?text=IG-7
```

`NUMBER` የሚለው ቦታ ስልካችሁ ከነአገር ኮዱ ይገባል፤ የመደመር ምልክትና መነሻ ዜሮ አይገቡም። ሰውየው ሊንኩን ሲነካ «IG-7» የሚል ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ይቀርብለታል። ሲልከው ከየትኛው ፖስት እንደመጣ ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ግን አጥፍቶት ይጽፋል። በዋትስአፕ ቢዝነስ ላይ ደግሞ በውይይቱ ላይ መለያ መለጠፍ ይቻላል፤ «ጠያቂ»፣ «ቀብድ የከፈለ» ብላችሁ ለዩ።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ሰው ግን ይረሳዋል። ቀብድ ሲቀበሉ መጠየቅ፦ «መጀመሪያ ያዩን የት ነው?» ይህ ጥያቄ ሊንክ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ሰው ፎቶውን ስክሪንሾት አድርጎ ለእህቱ ይልካል፤ እህቱ ትደውላለች። በሶፍትዌሩ ዘገባ ላይ እሷ የለችም። ሊንኩና የሰውየው መልስ ከተለያዩ ሁለቱንም ጻፉ፤ ለግቡ ግን የሰውየውን መልስ ቁጠሩ። መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ስለሆነ አይደለም። ያለፉትን ሦስት ወራት ስትቆጥሩም የተጠቀማችሁት ያንኑ ስለሆነ ነው።

በማስታወቂያ መድረኩ ዘገባ ላይ የሚታየው ቁጥር ከደብተራችሁ ቢበልጥ አትደንግጡ። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ በተለምዶ ማስታወቂያውን ነክቶ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ወይም አይቶት ብቻ አልፎ በአንድ ቀን ውስጥ የገዛን ሰው ለማስታወቂያው ይቆጥራል። ያ ሰው ግን ድሮም ሊገዛ የነበረ የቆየ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ለግባችሁ የምትጠቀሙት ደብተሩን ነው።

ለአንድ ጠያቂ ስንት ልክፈል?

ማስታወቂያ የማትከፍሉ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት። የምትከፍሉ ከሆነ ግን ግቡ ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ 84 ጠያቂ በኪሳራም ሊመጣ ይችላልና።

አናጢው ከ100 ዋጋ ውስጥ ዕቃና ጉልበት ተቀንሶ 30 ይቀረዋል። አንድ ደንበኛ ለማምጣት ከዚያ 10 ለመልቀቅ ፈቀደ። ከ100 ጠያቂ 18 የሚገዛ ከሆነ፣ ለአንድ ጠያቂ ሊከፍል የሚችለው 10 ሲባዛ በ0.18፣ ማለትም 1.8 ነው። በሌላ አነጋገር የአንድ ጠያቂ ወጪ ከጠረጴዛው ዋጋ ከ100 እጅ ሁለት እጅ እንኳ መሙላት የለበትም። ከዚያ ካለፈ ማስታወቂያው ቢያምርም ይቆማል።

ግቡን በአንድ አንቀጽ ጻፉት

አናጢው የጻፈው ይህ ነው፦

«ከዘመቻው መጀመሪያ ጀምሮ በ13 ሳምንት ውስጥ በሶሻል ሚዲያ 84 ጠያቂ አገኛለሁ። ከእነሱ 15 ቀብድ ይከፍላሉ። ለአንድ ጠያቂ የምከፍለው የማስታወቂያ ወጪ ከአማካይ ዋጋዬ ከ100 እጅ 1.8 አይበልጥም። አማካይ ዋጋዬም ካለፈው ሦስት ወር አይወርድም። ጠያቂውን የሚቆጥረው መልእክት የሚመልሰው ልጅ ነው፤ ቆጠራው ዓርብ ዓርብ ይዘጋል።»

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ለምን ገባ? እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ካነሱት ሐሳብ የተወለደ አንድ የታወቀ አባባል አለ፤ መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ይቀራል ይላል። 84 ጠያቂ አምጣ የተባለ ሰው ቅናሽ ለጥፎ ያመጣቸዋል። ቁጥሩ ይሞላል፤ ትርፉ ግን የለም። ዋጋው እንዳይወርድ የሚጠብቅ ዓረፍተ ነገር ያንን በር ይዘጋል። የእናንተ በር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የተመለሰ ዕቃ፣ የተሰረዘ ቀጠሮ። «ይህን ቁጥር አጭበርብሬ ልሙላው ብል እንዴት እሞላዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የትኛውን በር እንደምትዘጉ ይነግራችኋል።

በየሳምንቱ ምን ይታያል?

በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ጠያቂ ስንጠብቅ አንዱ ሳምንት 4፣ ሌላው 9 ቢሆን ምንም አልተፈጠረም። ቁጥር ትንሽ ሲሆን እንዲሁ ይዋዥቃል። በ4 ደንግጦ ስልት መቀየር፣ በ9 ተደስቶ በጀት መጨመር፣ ሁለቱም ያው ስህተት ናቸው። ስለዚህ የአራት ሳምንት ድምር እዩ። የሚጠበቀው 26 ገደማ ነው። 22 ቢሆን ዝም በሉ። ከ17 በታች ከሆነ ግን ዕድል ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል፤ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ምኑ ነው የተበላሸው? በቅደም ተከተል ፈልጉ። ፖስቱን የሚያየው ሰው ቀንሷል? ካልቀነሰ፣ እያዩ አይጽፉም ማለት ነው፤ ፖስቱ እንዴት እንደሚታዘዝ አይናገር ይሆናል። እየጻፉ ትርጉሙን የማያሟሉ ከሆነ ልክና ቀን የሚጠይቃቸው ሰው የለም፤ ወይም የማይገዛ ሰው ነው የሚመጣው። ጠያቂው ደህና ሆኖ ሽያጩ ካነሰ ደግሞ የመልስ ሰዓቱንና ዋጋውን እዩ። የተከታይ ቁጥር ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ፍለጋ ላይ ነው፤ «የሚያየን ሰው ቀንሷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከሚረዱ ምልክቶች አንዱ ነው። ከዚያ በላይ ሥልጣን አትስጡት።

አሁን ወደዚያ ሦስት ሳምንት እንመለስ። በ12ኛው ሳምንት የጠየቀ ሰው የሚከፍለው በ14ኛው ወይም በ15ኛው ሊሆን ይችላል። በ13ኛው ሳምንት ዓርብ ሽያጩን ከቆጠራችሁ የመጨረሻዎቹ ጠያቂዎች ገና ሳይወስኑ «አልገዙም» ተብለው ይመዘገባሉ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከዘመቻው በፊት የጠየቁ ሰዎች በዘመቻው ሳምንት ስለከፈሉ ብቻ ይቆጠራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽያጭ ሰውየው በጠየቀበት ሳምንት መስመር ላይ ጻፉት። 84ቱን በ13ኛው ሳምንት ዝጉ፤ 15ቱን ግን በ16ኛው።

አናጢው በ16ኛው ሳምንት 12 አገኘ እንበል። ወድቋል? እውነተኛው አቅሙ 15 ቢሆን እንኳ በዕድል ብቻ 12 ወይም 18 ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከ12 ይልቅ መንገዱን ያያል። 86 ጠያቂ መጥቶ ከ100 የገዛው 14 ብቻ ከሆነ፣ «ቶሎ ብመልስ 18 ይገዛል» ያለው ግምት አልሠራለትም። በዕለቱ መመለሱ ያመጣል ያለውን ለውጥ አላመጣም፤ ወይም ልጁ በዕለቱ አልመለሰም። ይህንን የመልስ ሰዓቱ ዓምድ ይነግረዋል።

የድሮ መልእክት የሌላችሁ፣ ገና የምትጀምሩ ሰዎች 84ም 15ም አትጻፉ። የመጀመሪያው ግባችሁ ለስድስት ሳምንት የሚመጣውን ሁሉ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንድም ሳያመልጥ መመዝገብ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሸጥ ትልቅ ነገር የምትሸጡ ደግሞ ሽያጩን ጠብቃችሁ መማር አትችሉም፤ ከጠያቂው ቀጥሎ ያለውን እርምጃ፣ ለምሳሌ የዋጋ ማቅረቢያ የጠየቀ ወይም ቀጠሮ ይዞ የመጣ ሰው፣ የመጨረሻ ቁጥራችሁ አድርጉ።